ነገ የሲኒየር ኢንተርቪው አለብኝ፤ «ኮድ ትችላለህ፣ ሌላውን አላየንም» ተባልኩ

የሸዋ በር ልጅ (ጠያቂ)፦ ጀመዓ ድረሱልኝ! ነገ ከሰዓት የሲኒየር ኢንተርቪው ሁለተኛ ዙር አለብኝ። በመጀመሪያው ዙር ኮዱን ጥሩ አድርጌ ሠርቼ ነበር። እነሱ ግን «የአርክቴክቸር ውሳኔህን፣ አመራርህንና ጁኒየር ማሠልጠንህን አላየንም» አሉኝ። እኔ ደግሞ ቲም ሊድ ሆኜ አላውቅም። ምን ብዬ ልመልስ?

ጦሳ፦ አብሽር። ስታር በሚሉት መንገድ ነው የሚመለሰው። ሁኔታው፣ ኃላፊነትህ፣ ያደረግከው፣ ውጤቱ። በዚህ ቅደም ተከተል ታሪክህን ሸምድድ። አርክቴክቸር ካሉህ ማይክሮሰርቪስ በላቸው፣ ይወዱታል።

ቦርከና፦ ከሁሉ በፊት የመብራቱን ነገር አረጋግጥ። አርክቴክቸር መሀል ላይ ድርግም ቢል የማን አመራር ሊባል ነው?

ገራዶ፦ ሲኒየርነት በዓመት ነው የሚገኘው፣ በወሬ አይደለም። ቡድን ካልመራህ ለምን አመለከትክ?

ሐይቅ ዳር፦ እኔን ሲኒየር ካደረጉኝ ወዲህ ኮድ ከነካሁ ቆየሁ፣ ስብሰባ ብቻ። ደመወዙን ስንት አሉህ?

አቦል፦ ገራዶ፣ ቡድን መምራት ሌላ ሥራ ነው። ሲኒየር የሚፈተነው ያለ ሹመት ምን እንደወሰነ ነው። እኔ ጠያቂ ሆኜ ስቀመጥ ማይክሮሰርቪስ ያለኝን ሰው «ለስንት ሰው ቡድን? ሌሊት ሲወድቅ ማን ያነሣዋል?» እለዋለሁ። ብዙው እዚያ ላይ ዝም ይላል። ወንድሜ፣ የሠራኸው ሲስተም ምንድን ነው?

የሸዋ በር ልጅ፦ የአንድ ጅምላ አከፋፋይ የስቶክና የሽያጭ ሲስተም ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ አለው። ኔት ሲጠፋ ሽያጭ ይቆም ነበር። ሽያጩ መጀመሪያ ታብሌቱ ላይ እንዲመዘገብ፣ ኔት ሲመለስ እንዲላክ አደረግን። ጁኒየሩ የጻፈው ኮድ የቀረውን ብዛት ነበር የሚልከው፣ እሱን አስተካከልን። ተራ ነገር ነው እኮ።

ጦሳ፦ ይኸው! በስታር አስቀምጠው።

አቦል፦ ተራ አይደለም፣ ነገ የምታወራው ይህንኑ ነው። ግን «አደረግን» ብለህ ካለፍከው የአንተ ድርሻ የቱ እንደሆነ አይታይም። ስህተቱን በቁጥር አሳያቸው። 100 ከረጢት ስኳር አለ እንበል። ኔት ጠፍቶ ደሴ 3 ሸጠ፣ 97 ብሎ ላከ። ኮምቦልቻ 5 ሸጠ፣ 95 ብሎ ላከ። ኋላ የደረሰው የፊተኛውን ይሽረዋል። 92 መሆን ሲገባው ሲስተሙ 95 ይላል። «3 ተሸጠ»፣ «5 ተሸጠ» ተብሎ ሲላክ ግን ማንም ቀድሞ ቢደርስ ድምሩ ያው ነው።

ቀጥለው «ላኪው መልስ ሳያገኝ ኔት ቢቋረጥና ደግሞ ቢልከውስ?» ማለታቸው አይቀርም። ምን አደረግክ?

የሸዋ በር ልጅ፦ ታብሌቱ ለእያንዳንዱ ሽያጭ የራሱ መለያ ይሰጠዋል። ሰርቨሩ ላይ መለያው ፕራይመሪ ኪ ነው፣ የተደገመውን ይተወዋል።

```sql
INSERT INTO sales (sale_id, item, qty)
VALUES ($1, $2, $3)
ON CONFLICT (sale_id) DO NOTHING;
```

አቦል፦ ጥሩ። አሁን ጉዳቱን ራስህ አንሣው፣ እስኪያወጣጡህ አትጠብቅ። ኔት ጠፍቶ 2 ከረጢት ብቻ ቢቀር፣ ሁለቱም ቅርንጫፍ ሁለት ሁለት ሊሸጡ ይችላሉ። ስቶኩ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሽያጭ ከሚቆምና ጥቂት ደንበኛ ዕቃው ዘግይቶ ከሚደርሰው የቱ ይሻላል? ይህን የሚወስነው ባለቤቱ ነው፣ ፕሮግራመሩ አይደለም። ጠይቀኸዋል?

የሸዋ በር ልጅ፦ አዎ፣ ሄጄ አስረዳሁት። «ሽያጩ አይቁም፣ የጎደለውን ማታ እናስተካክላለን» አለኝ።

አቦል፦ በል እንግዲህ፣ አመራር የሚሉህ ይሄ ነው። የነበረውን ሌላ አማራጭ፣ የተውክበትን ምክንያት፣ ምን ብታይ ውሳኔህን እንደምትቀይር ጨምርበት። ለምሳሌ በየሳምንቱ ከዜሮ በታች የሚወርደው ዕቃ እየበዛ ከሄደ።

የጁኒየሩን ነገር ደግሞ ኮዱን አረምኩለት ብለህ አትለፈው። የ95ቱን ስሌት አብራችሁ በወረቀት ሠርታችሁ ከሆነ እሱን ተናገር። ከዚያ በኋላ ልጁ ያለ አንተ ምን ሠራ? የምጠይቀው እሱን ነው።

የሸዋ በር ልጅ፦ የተመላሽ ዕቃውን ክፍል ብቻውን ሠራው። እኔ ያየሁት ሲጨርስ ነው። እህታችን፣ አላህ ይስጥሽ። ኔቱ እየሄደ እየመጣ ነው፣ እስኪ ልጻፈው።

ገራዶ፦ እኔ ብሆን ግን ስቶኩ ከዜሮ በታች እንዲወርድ አልፈቅድም። ለደሴ 60፣ ለኮምቦልቻ 40 አድርጎ አስቀድሞ መከፋፈል ይቻል ነበር። ኔት ቢጠፋም ማንም ከድርሻው በላይ አይሸጥም።

አቦል፦ ይቻላል፣ ጥሩ አማራጭ ነው። ያኔ ደግሞ ደሴ ሲያልቅበት ኮምቦልቻ ተከምሮ እያለ ደንበኛ ይመልሳል። ነገ ይህን ካነሡበት ሁለቱንም አስቦበት ቢሄድ ነው የሚሻለው።

ገራዶ፦ ድርሻውን ማታ ማታ ማስተካከል ነዋ!

ቦርከና፦ ኔት ካለ።