16 በመቶ ያሉኝ ብድር በትክክል ስንት ነው?

አሳ ሻጯ፣ ባሕር ዳር፦ ለአሳ ማቆያ ትልቅ ፍሪጅ ልገዛ 100,000 ብር ለ1 ዓመት ልበደር ነው። ወለዱ 16 በመቶ፣ የወር ክፍያው 9,073 ብር ነው አሉኝ። ግን 3,000 ለአገልግሎት፣ 1,000 ለኢንሹራንስ ቆርጠው 96,000 ነው የሚሰጡኝ። እውነተኛው ወለድ ስንት ሆነ?

ባለ ሱቅ፦ ቀላል ነው እህቴ። 4,000 ብር ማለት 4 በመቶ ነው። 16 ላይ ደምሪው፣ 20 በመቶ። እኔ ሁሌም እንዲህ ነው የማሰላው።

ደብተር ያዥ፦ ወንድሜ፣ ያ የሚቀርበው ብሩን ዓመቱን ሙሉ ይዛ መጨረሻ ላይ ባንዴ ብትመልስ ነበር። እሷ ግን በየወሩ ትመልሳለች። ስድስተኛውን ወር ስትከፍል ቀሪ ዕዳዋ 52,000 ገደማ ነው። በአማካይ እጇ ላይ የሚቆየው የብድሩ ግማሽ አካባቢ ነው፤ 4,000ው ግን በመጀመሪያው ቀን ሙሉውን ሄዷል። ስለዚህ ክብደቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ኤፒአሩ፣ ማለትም ተቆራጩን ጨምሮ የዓመቱ እውነተኛ ወለድ፣ 24 በመቶ ገደማ ይመጣል። እህቴ፣ ኤክሴል ካለሽ ራስሽ እዪው፦

```
=RATE(12,-9073,96000)*12
```

96,000 ያስገባሁት እጅሽ የሚገባው እሱ ስለሆነ ነው። 100,000 ብታስገቢ መልሶ 16 ይልሻል።

ባለ ባጃጅ፦ እኔም 16 ብለውኝ ተበድሬ ነበር። ዕዳዬ እየቀነሰ ወለዱ ግን ፍንክች አላለም። ተጠንቀቂ፣ 24 አይደለም፣ ከዚያም ይበልጣል።

ደብተር ያዥ፦ ያንተ ወለድ ሁልጊዜ ከመነሻው ብር ላይ ነው የታሰበው። የሷ እንደዚያ ቢሆን የወር ክፍያዋ 9,667 ይሆን ነበር። የክፍያ ሰንጠረዡን አስወጪ። የመጀመሪያው ወር ወለድ 1,333፣ የሁለተኛው 1,230 አካባቢ ከሆነ በቀሪው ዕዳ ላይ ነው የሚታሰበው። ሁለቱም ወር 1,333 ካለ ግን አትፈርሚ፣ መልሰሽ ጠይቂ።

አሳ ሻጯ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ወደ 3 ዓመት ባራዝመውስ?

ደብተር ያዥ፦ ተቆራጩ ያው 4,000 ከሆነ ለ3 ዓመት ስለሚከፋፈል ኤፒአሩ ወደ 19 ይወርዳል። ግን እንዳትታለዪ። ባንድ ዓመት የምትከፍዪው ወለድ 8,900 ብር አካባቢ ነው፤ በ3 ዓመት ከ26,000 ያልፋል። ደግሞ የጾሙ ወራት ገበያ ቀንቶሽ ቶሎ ልዝጋው ብትዪ፣ የተቆረጠው 4,000 ይመለስ እንደሆነ ውሉ ላይ እዪ። ካልተመለሰ ያ 19 መልሶ ይወጣል።

የሽምብጥ ልጅ፦ ብድር ሲሰጡ በግድ ቁጠባ የሚይዙስ? እሱም ይቆጠራል?

ባለ ሱቅ፦ ቁጠባማ የራስሽ ነው፣ ይመለሳል። አይቆጠርም።

ደብተር ያዥ፦ ይመለሳል፤ ግን እስኪመለስ ድረስ ፍሪጅ አይገዛም፣ ወለዱንም አንቺው ትከፍዪበታለሽ። እኔ እቆጥረዋለሁ።

ባለ ሱቅ፦ አልተስማማንም።

አሳ ሻጯ፦ ሰኞ ሰንጠረዡን ይዤ እመለሳለሁ።