ደንበኛዬ ክፍያውን 5 ቀን አሳለፈ፤ የመጀመሪያውን ማስታወሻ ምን ብዬ ልጻፍለት?

ተርጓሚው
ሰላም ጓዶች፣ አስቸኳይ ነው። 6 ዓመት አብሮኝ የሠራ ደንበኛ ነው። አንድም ቀን አዘግይቶ አያውቅም። አሁን ኢንቮይሱ 5 ቀን አለፈው፤ ሰውየው ዝም። ሁለት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት። አንዱ የለማኝ፣ ሌላው የፖሊስ ይመስላል። ከምሳ በፊት መላክ አለብኝ። ሦስተኛው ይኸው፦

«ይቅርታ ስለማስቸግርህ። ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ። ምናልባት ረስተኸው ይሆናል ብዬ ነው። ሲመችህ ብታየው ደስ ይለኛል።»

አስተካክሉልኝ።

ቀጥታ
ደውልለት። አለቀ።

የማታ ሰው
«ሲመችህ» አልከው? እስካሁን ያልከፈለው ስላልተመቸው ነዋ። አሁን ደግሞ ፈቃድ ሰጠኸው 😄

ውል ይቅደም
ወንድሜ፣ ችግሩ የማስታወሻው አይደለም፤ የውሉ ነው። ለዘገየ ክፍያ ቅጣት በውልህ ካልጻፍክ ማንም አይፈራህም። ሥራ ከመጀመርህ በፊት ግማሹን መቀበል ነበረብህ። «የረጅም ጊዜ ደንበኛ» የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የከፈለና ያልከፈለ ነው። ቅጣቱን አሁኑኑ ጥቀስለት። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ ሰሚ የለም።

ከፋዩዋ
ለዓመታት ሂሳብ ክፍል ተቀምጬ የሰው ኢንቮይስ ስከፍል የኖርኩ ነኝ። ከወዲያኛው ወገን የሚታየውን ልንገርህ።

ደህና ከፋይ የነበረ ድርጅት በድንገት ሲያዘገይ፣ ብዙ ጊዜ ገንዘብ አጥቶ ወይም ንቆህ አይደለም። ኢንቮይሱ የሆነ ቦታ ተይዟል። የሚያጸድቀው ሰው እረፍት ላይ ነው፣ የግዢ ትዕዛዝ ቁጥሩ ጎድሏል፣ ወይም ጭራሽ እኛ ጋ አልደረሰም። ስለዚህ የመጀመሪያው ማስታወሻ ሥራው ሰውየውን ማሳፈር ወይም ማስፈራራት አይደለም፤ የት እንደተያዘ ማወቅ ነው። ቅጣት አሁን ከጠቀስክ ደብዳቤህ ወደ አለቃ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ይቀመጣል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

ርዕስ፦ ኢንቮይስ 118፣ የመክፈያ ቀን የወሩ 2

«ሰላም፣ እንደምን ከረምክ?
የመክፈያ ቀኑ የወሩ 2 የነበረው ኢንቮይስ 118 እስከ ዛሬ ጠዋት ሂሳቤ ውስጥ አልገባም። በድጋሚ አያይዤዋለሁ። መቼ እንደሚከፈል ታሳውቀኛለህ? የጎደለው ነገር ካለ ንገረኝ፤ ዛሬውኑ አስተካክላለሁ። ከተከፈለ ደግሞ ይህን መልእክት እለፈው።
አመሰግናለሁ።»

«አልከፈልክም» እንዳላልኩ ልብ በል። አማርኛ ግሱ ራሱ ጣት ይቀስራል። «አልከፈልክም» ስትል ጥፋተኛው ቃሉ ውስጥ ተቀምጧል። «ኢንቮይሱ አልገባም» ስትል ግን የምናወራው ስለ ወረቀቱ ነው። «ረስተኸው ይሆናል» የሚለውም ትሁት ይምሰል እንጂ ክስ ነው። ላይረሳ ይችላል፤ ከሳምንት በፊት አጽድቆ ጨርሶ ሊሆን ይችላል።

ይቅርታውንም አውጣው። የሠራህበትን ነው የምትጠይቀው።

አትቸኩል
እኔ አልስማማም። 5 ቀን ምን አላት? ብዙ ድርጅት በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚከፍለው። ሁለት ሳምንት ጠብቅ። 6 ዓመት አብሮህ የሠራን ሰው በ5 ቀን መነዝነዝ ነውር ነው።

ከፋዩዋ
በሳምንት አንድ ቀን የሚለው ልክ ነው። የሚጠየቀውም ለዚያው ነው። ኢንቮይሱ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ማለት ሁለት ዙር ክፍያ ማሳለፍ ነው። ሰውየው ደግሞ እንደጎደለ እንኳ አያውቅም።

ቀጥታ
ደውልለት አልኩኮ።

የቤት ሠራሁ ባይ
ከዚህ ሁሉ በፊት ባንክህን በደንብ አየህ? እኔ አንድ ጊዜ ማስታወሻ ልኬ ገንዘቡ ከሌላ ኢንቮይስ ጋር ተደምሮ ከገባ 3 ቀኑ ነበር። የገባው መጠን ካሰብኩት ስለበለጠ አላስተዋልኩትም። እስከ ዛሬ ያ ደንበኛ ሲከፍለኝ «ይኸው ገብቷል፣ አይተሃል?» እያለ ይቀልድብኛል።

ሰዓሊት
የእኔ ደግሞ ሌላ ነው። ለዓመታት «አንተ» ስለው የኖርኩትን ደንበኛ ማስታወሻው ላይ «እርስዎ» አልኩት። መደበኛ ይምሰል ብዬ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ደወለ፦ «ምን አደረግኩሽ? ተጣላን እንዴ?» ገንዘቡ ያን ቀን ገባ፤ ግን ለወራት ቅዝቃዜው አልለቀቀም። ሁልጊዜ እንደምትጽፍለት ጻፍ። «አንተ» ከሆነ «አንተ»። ሂሳብ ክፍሉን የማታውቀው ከሆነ ለእነሱ በ«እርስዎ» ለብቻ ጻፍ።

ተርጓሚው
አመሰግናለሁ። ባንኩን አየሁ፤ አልገባም። አሁን ግን ሌላ ነገር አገኘሁ። ኢንቮይሱ ላይ የጻፍኩት ቀን ያለፈው ወር 2 ነው። የላክሁት ግን በ6። «በ30 ቀን ውስጥ» ብቻ ነው የሚለው፤ የመክፈያ ቀን አልጻፍኩበትም። ዛሬ 7 ነው። ደግሞ የላክሁት ለረዳቱ ነበር። ልጅቷ ሥራ ለቃለች መሰለኝ።

የማታ ሰው
ምስኪኑ ሰውዬ! አንተ ዘግይተህ ልከህ እሱን ልትከስሰው 😂

ከፋዩዋ
ይህን መጀመሪያ ብትነግረን ኖሮ! በአንተ ቆጠራ 5 ቀን አልፎታል። እኛ ግን የምንቆጥረው ከደረሰን ቀን ነበር። በዚያ ከሆነ ያለፈው 1 ቀን ነው። ለረዳቷ ሄዶ ከቀረ ደግሞ ሰዓቱ ገና መቁጠር አልጀመረም።

ስለዚህ «የመክፈያ ቀኑ» የሚለውን ከርዕሱም ከጽሑፉም አውጣና እንዲህ በል፦ «ባለፈው ወር በ6 ለረዳትህ የላክሁት ኢንቮይስ 118 ደርሷችሁ ይሆን? በድጋሚ አያይዤዋለሁ። ወደ ክፍያ ገብቶ ከሆነ መቼ እንደሚከፈል ታሳውቀኛለህ?» ይበቃል። ሌላ ወሬ አትጨምርበት። በተለይ የአዲስ ሥራ ጉዳይ አብረህ ከጻፍክ ለእሱ ይመልስልህና ኢንቮይሱ ይረሳል።

የባንክ ቁጥር ለውጠህ ከሆነም እዚህ ላይ አታስገባ። ማስታወሻና አዲስ የባንክ ቁጥር አብረው ሲመጡ የምናስበው ኢሜይሉ ተጠልፏል ብለን ነው። ክፍያው ወዲያው ይቆማል።

ውል ይቅደም
30 ቀን የሚቆጠረው ኢንቮይሱ ላይ ከተጻፈው ቀን ነው። ደረሳቸው አልደረሳቸው የእነሱ ጉዳይ ነው።

ከፋዩዋ
ውሉ እንደዚያ ካለ አዎ። ዝም ካለ ግን ሁለቱም ወገን ልክ ነኝ ይላል። ለሚቀጥለው «30 ቀን» ከማለት ቀኑን ራሱን ይጻፍ።

ውል ይቅደም
እኔስ ከመጀመሪያው ምን አልኩ?

ቀጥታ
ኢሜይሉን ላክና ከሰዓት ደውልለት። «ኢሜይል ልኬልሃለሁ፣ አየኸው?» ብቻ።

ሰዓሊት
ስልክ በመጀመሪያው ቀን? እኔ እንኳ 3 የሥራ ቀን እጠብቃለሁ። ድምፅ ሲሰማ ሰው ይደነግጣል።

ቀጥታ
ከዝምታ ድንጋጤ ይሻላል።

ተርጓሚው
ላክሁት! የመጨረሻውን የከፋዩዋን። ለእሱ በ«አንተ»፣ ለሂሳብ ክፍሉ ለብቻ በ«እርስዎ»። እነግራችኋለሁ።

አትቸኩል
ምን አለ?

አትቸኩል
ተርጓሚው? 4 ቀን ሆነውኮ።

አዲስ ገባ
ይቅርታ፣ ጉዳዩ ካለቀ፤ እኔ ሦስተኛውን ማስታወሻ ልጽፍ ነው። «እንደምን ከረምክ» አሁንም ይባላል?