ቪኤፍዲ ገጥመን 35 ኸርዝ ላይ አወረድነው፤ ውሃ ወደ ታንከር አልወጣ አለ

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)
ሰላም ወገኖች፣ አስቸኳይ ነው። ትናንት ፓምፓችን ላይ የሞተሩን ፍጥነት የሚቀያይር ቪኤፍዲ ተገጠመ። የሸጠልን ሰው 35 ኸርዝ ላይ አስተካክሎት ሄደ። "የመብራት ወጪያችሁ 66 ፐርሰንት ይቀንሳል" ብሎናል። ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ፣ ታንከሩ ግን እየጎደለ ነው። ስክሪኑ 4 ኪሎዋት ይላል፤ ድሮ 25 ነበር። ፓምፑ እጅ አያስነካም፣ ይፋጃል። ማቅለሚያ ክፍሉ ማታ ሥራ ይገባል። ምን ላድርግ?

ሐረጎ
አየር ይዟል። ፓምፑ አናት ላይ ያለችውን ብሎን ላላ አድርገህ አየሩን አስወጣ። ውሃ ብቻ መምጣት ሲጀምር መልሰህ እሰር።

ሰኞ ገበያ
እኔ መጀመሪያውኑ ያልገባኝ ነገር አለ። ፓምፕ የሚገዛው ውሃ እንዲያወጣ ነው። ለምን ይዘገያል? 50 ላይ መልሰውና ሥራህን ሥራ። መብራት የሚቆጠበው ታንከሩ ሲሞላ በማጥፋት ነው።

ኤሌክትሪካሉ
ሻጩ ትክክል ነው፤ ሰውየውን አትውቀሱት። ይሄ የታወቀ ሕግ ነው። ፍጥነቱን በቀነስክ ቁጥር ፍሰቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ግፊቱ በካሬ፣ ኃይሉ ደግሞ በኪዩብ ይቀንሳል። 35 ለ50 ሲካፈል 0.7 ነው። 0.7 × 0.7 × 0.7 = 0.343። ስለዚህ 34 ፐርሰንት ኃይል ይበላል፣ 66 ፐርሰንት ይተርፋል። ፍሰቱ ደግሞ 70 ፐርሰንት መሆን አለበት። ውሃ ካልወጣ ሞተሩ በግልባጭ እየዞረ ነው ማለት ነው። ሁለት ፌዝ አቀያይርና ሞክር።

ጠያቂ
@ሐረጎ አየሩን አስወጣሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። @ኤሌክትሪካሉ መዞሪያውን በቀስቱ አይቼዋለሁ፣ ትክክል ነው። ደግሞ 50 ላይ ሲሆን ጥሩ ያወጣል።

የድሮ የውሃ ሰው
ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ፓምፑን አሁኑኑ አጥፋው። የሚያፋጀው ውሃ ስለማያልፍበት ነው። ያ 4 ኪሎዋት በሙሉ ሆዱ ውስጥ የቆመውን ውሃ እያፈላ ነው። እንዲህ ከቆየ የፓምፑ መካኒካል ሲል ይቃጠላል። ሲቀዘቅዝ 50 ኸርዝ ላይ አድርገህ ታንከሩን ሙላ። የማታው ሥራ አይስተጓጎልም፣ አብሽር።

ከዚያ አራት ነገር ጻፍልኝ። ታንከሩ የት ነው ያለው? ፓምፑ ቆሞ፣ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ከሚዘጋው ቼክ ቫልቭ በላይ ያለው ጌጅ ስንት ያነባል? 50 ላይ እያወጣ ስንት ያነባል? 50 ላይ እያለ ጌት ቫልቩን ለአፍታ ዘግተህ፣ በፓምፑና በቼክ ቫልቩ መካከል ያለው ጌጅ ስንት ይደርሳል? የመጨረሻውን ሳትቆይ አንብበህ ወዲያው ክፈት።

የጉድጓድ ሥራ
እኔም ሀርቡ አካባቢ ጉድጓድ ላይ ይሄው ገጥሞኛል። ሰብመርሲብል ፓምፕ ከ30 ኸርዝ በታች እንዳይወርድ ይባላል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በጎኑ የሚያልፈው ውሃ ነው። ፓምፑን አስወጥታችሁ ሞተሩን አስመርምሩት።

ጠያቂ
@የጉድጓድ ሥራ የኛ ጉድጓድ አይደለም፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ነው። አጠገቡ ካለ ገንዳ ነው የሚስበው።

ጋሼ፣ 50 ላይ አድርጌው ውሃ እየወጣ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ታንከሩ ከግቢው ጀርባ ኮረብታው ላይ ነው። ፓምፑ ቆሞ 4.4 ባር። 50 ላይ እያወጣ 5.9 ባር። ቫልቩ ሲዘጋ 7.4 ባር ደረሰ። የፓምፑ ታርጋ ላይ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ፣ 60 ሜትር ይላል።

የድሮ የውሃ ሰው
ያነበብካቸው ቁጥሮች ነገሩን ጨርሰውታል። 4.4 ባር ማለት ታንከሩ ከፓምፑ ወደ 45 ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል ማለት ነው። ፓምፑ ቢቆምም ቢዞርም ይህ ክብደት ቼክ ቫልቩ ላይ ተጭኖ ይኖራል። አንድ ጠብታ ከማለፉ በፊት ፓምፑ ከ4.4 በላይ መግፋት አለበት።

ኤሌክትሪካሉ የጻፈው ሕግ ለፓምፑ እውነት ነው። ግፊቱ በካሬ ይቀንሳል። 7.4ን በ0.49 አባዛው፤ 3.6 ባር ነው። የፓምፑ የመጨረሻ አቅም 3.6፣ የኮረብታው ክብደት 4.4። ቼክ ቫልቩ እንዴት ይከፈታል? ሌሊቱን ሙሉ ተዘግቶ ነው ያደረው። ለማረጋገጥ ከፈለግህ 35 ላይ ለአጭር ጊዜ አስነሳውና ሁለቱን ጌጆች አብረህ እያቸው። የታችኛው 3.6 አካባቢ ይቆማል፣ የላይኛው 4.4 ላይ ንቅንቅ አይልም።

ቼክ ቫልቩ መከፈት የሚጀምረው 38.6 ኸርዝ አካባቢ ነው። 4.4ን ለ7.4 አካፍለህ፣ ካሬ ሩቱን በ50 ብታባዛው ይመጣልሃል። ስለዚህ ቪኤፍዲው ላይ ትንሹን ፍሪኩዌንሲ 42 ላይ ቆልፈው። ማንም ሰው በስህተት ከዚያ በታች እንዳያወርደው።

ኤሌክትሪካሉ
እሺ፣ ስለ 35 ያልከው ተቀባይነት አለው። ግን 45 ላይ ኪዩቡ መሥራት አለበት። 0.9 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 0.729 ነው። 27 ፐርሰንት ቁጠባ ቀላል አይደለም!

የድሮ የውሃ ሰው
እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

45 ላይ የፓምፑ የመጨረሻ ግፊት 6 ባር ይሆናል። ኮረብታው 4.4ቱን ይወስዳል። ለፍሰት የሚተርፈው 1.6 ብቻ ነው። 50 ላይ ግን የሚተርፈው 3 ባር ነበር። ፍሰቱ የሚከተለው የእነዚህን ጥምርታ ካሬ ሩት ነው። ስለዚህ ከ100 ወደ 90 ሳይሆን ወደ 73 ሜትር ኩብ ይወርዳል። ፍጥነቱን በ10 ፐርሰንት ቀነስን፣ ውሃው 27 ፐርሰንት ሄደ።

ስክሪኑ ወደ 17.5 ኪሎዋት ያሳይሃል። ከ25 ሲወርድ 30 ፐርሰንት ቁጠባ ይመስላል፤ ከኪዩቡም የበለጠ! ግን ታንከሩን ለመሙላት የሚወስደው ሰዓት ረዝሟል። 300 ሜትር ኩብ ለማስገባት 50 ላይ 3 ሰዓት በ25 ኪሎዋት፣ 75 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 45 ላይ ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ በድምሩ 72 ገደማ። ከ3 እስከ 4 ፐርሰንት ነው ያተረፍከው። 42 ላይ ፍሰቱ 52 አካባቢ ይሆናል፤ ፓምፑም ከሚመቸው ቦታ ስለሚወጣ ብቃቱ ይወድቃል። በኔ ግምት 76 ወይም 77 ይበላል፤ ማለትም ከ50ው ይብሳል። የብቃቱ ነገር ከፓምፑ ከርቭ ላይ መነበብ አለበት፤ እኔ የተለመደውን ነው የወሰድኩት።

ምክንያቱ ጌጁ ላይ ነው ያለው። ከ5.9 ባር ውስጥ 4.4ቱ ኮረብታው ነው። ይህንን ማንም ቪኤፍዲ ሊቀንሰው አይችልም። ሊቀነስ የሚችለው በቧንቧው ፍትጊያ የሚጠፋው 1.5 ባር ብቻ ነው፤ እሱም ሩብ ያህል ነው። ስለዚህ ኪሎዋቱን አትይ፣ ለአንድ ሜትር ኩብ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሄደ አስላ። የቆጣሪውን ንባብ ታንከሩ ከመሞላቱ በፊትና በኋላ ጻፍ፤ በገባው ውሃ አካፍል። 50፣ 47፣ 45 ላይ ሞክረህ አነስተኛውን ምረጥ።

ሰኞ ገበያ
አልኩ እኮ! መልሰው 50 ላይ።

ሆቴል ጥገና (ደሴ)
ግን ቪኤፍዲ ዋጋ የለውም እንዳይባል። እኛ ሆቴል ውስጥ የሙቅ ውሃ ማዞሪያ ፓምፕ ላይ ገጥመን በጣም ተጠቅመናል። ሌሊት 40 ኸርዝ ላይ ይወርዳል። ኃይሉ ወደ ግማሽ ገደማ ነው የወረደው። ሕንፃው ፎቅ ነው፣ ከፍታም አለው። ጋሼ፣ ታዲያ ለምንድነው የኛ የሠራው?

የድሮ የውሃ ሰው
ጥሩ ጥያቄ ነው። የናንተ ውሃ ዞሮ ይመለሳል። የወጣው ያህል ይወርዳል፤ በመውረጃው በኩል ያለው ክብደት የመውጫውን ይደግፈዋል። ስለዚህ ፓምፑ የሚታገለው ከፍትጊያ ጋር ብቻ ነው። በዚያ ቦታ ኪዩቡ በትክክል ይሠራል። 40 ላይ 0.8 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 0.512 ነው። የሞተሩና የድራይቩ ብክነት ሲጨመር ትንሽ ከፍ ይላል፤ "ወደ ግማሽ ገደማ" ያልከው ልክ ነው።

ጠያቂው ወንድሜ፣ ግቢያችሁ ውስጥ የማቀዝቀዣ ውሃ የሚያዞር ዝግ መስመር አለ? ካለ ቪኤፍዲው መሄድ ያለበት እዚያ ነው። የሞተሩ መጠን ተመጣጣኝ መሆኑን ብቻ አረጋግጥ።

ኤሌክትሪካሉ
እሺ፣ የኔ ስሌት ለዝግ መስመር ነበር ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ልከራከር። ከዚህ በፊት ፍሰቱን ለመቀነስ ጌት ቫልቩን ግማሽ ዘግተው የሚሠሩ ከሆነስ? ያኔ ንጽጽሩ ይቀየራል። ቫልቩ ላይ የሚጠፋው ግፊት በሙሉ ብክነት ነው።

የድሮ የውሃ ሰው
እውነትህን ነው፤ እኔም መጠየቅ ነበረብኝ። 73 ሜትር ኩብ ብቻ ተፈልጎ ቫልቩ ቢታነቅ፣ ፓምፑ ራሱ 6.6 ባር አካባቢ ይገፋል፤ ቧንቧው የሚፈልገው ግን 5.2 ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ ለአንድ ሜትር ኩብ 20 ፐርሰንት ያህል ቁጠባ ይገኛል። ግን ታንከር ለመሙላት ለምን ቫልቭ ይታነቃል? መስመሩ የግድ ካላስፈለገው በቀር።

ሐረጎ
ቀበሌያችን ውስጥ አንድ ፓምፕ እንዲህ ነበር፤ አየሩን ስናስወጣ ዳነ። የላይኛውንም ብሎን ሞክሩት።

ጠያቂ
ታንከሩ ሞልቷል፣ ማቅለሚያው ሥራ ገብቷል። ትንሹን ፍሪኩዌንሲ 42 ላይ ቆልፌዋለሁ። ዝግ መስመሩም አለ፤ ነገር ግን ሞተሩ 11 ኪሎዋት ነው፣ ይሄ ቪኤፍዲ የ30 ነው። ይሆናል? ነገ 47ንና 45ን በቆጣሪ ሞክሬ እጽፋለሁ።

የድሮ የውሃ ሰው
ይሠራል፤ ሴቲንጉ ላይ ግን የሞተሩን ታርጋ አምፔር አስገባ። አለበለዚያ ሞተሩን ከመጠን በላይ ከሆነ ጭነት አይጠብቀውም። ቫልቩ ስንት ዙር ተከፍቶ እንደሚሠራም አይተህ ጻፍልን።

ሆቴል ጥገና (ደሴ)
የቆጣሪው ውጤት ምን ሆነ? እኛም የጣሪያ ታንከር መሙያው ላይ ለመግጠም እያሰብን ስለሆነ ቁጥሩን ብታካፍለን።

ሰኞ ገበያ
እኔም እየጠበቅሁ ነው። ቫልቩስ?