ወንድማችን ለቤቱ ያወጣው ገንዘብ በውርስ ክፍፍል እንዴት ይታሰብ?

ሰላም ወገኖች፣ የውርስ ጉዳይ የምታውቁ እርዱኝ። አባታችን ኑዛዜ ሳይተው አርፏል። ያለው አንድ ቤት ነው፣ ከእናታችን ጋር ያፈሩት። ስለዚህ ግማሹ ከመነሻውም የእሷ ነው፤ ውርስ የሚባለው የአባታችን ግማሽ ብቻ ነው። እሱን ሦስት ልጆች ስንካፈል ለእያንዳንዳችን ከቤቱ አንድ ስድስተኛ ይደርሰናል። እዚህ ድረስ ተስማምተናል።

የተጣላነው በጓሮው ላይ ነው። ታላቅ ወንድማችን፣ አባታችን በሕይወት እያለና ፈቅዶለት፣ ሁለት ክፍል ሠርቶ እዚያው ይኖራል። 600 ሺህ አውጥቻለሁ ይላል፤ ደረሰኝ ያለው ግን ለሲሚንቶና ለቆርቆሮ ብቻ ነው፣ ለግንበኛው በእጁ ነው የከፈለው። ገማቹ ደግሞ ክፍሎቹ የቤቱን ዋጋ የጨመሩት በ400 ሺህ ነው ብሏል። እህቴ «ያለ ኪራይ ኖሮበታል፣ ተቻችሏል» ትላለች።

እኔ 400 ሺው ከክፍፍል በፊት ይነሳለት ባይ ነኝ። ያኔ ግን ግማሹ፣ 200 ሺህ፣ ከእናታችን ድርሻ ሊሄድ ነው፤ ይህ በጣም ይከብደኛል።

የሚቆጠርለት ያወጣው ነው ወይስ የጨመረው ዋጋ? ኪራይ ይታሰብ ከተባለስ፣ አባታችን ፈቅዶለት የኖረበት ጊዜም ይገባል ወይስ ከሞቱ ወዲህ ያለው ብቻ?