ታካሚው አደጋውን ሰምተዋል፣ ግን አላመኑም፤ «ተረድተዋል» ብዬ ልጻፍ?

ሰላም ለእናንተ። ጎጃም ውስጥ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው የምሠራው። ስኳር ያለባቸው አንድ አባት የእግራቸው አውራ ጣት ጠቁሮ ሞቷል፤ እንዲቆረጥ ቢመከሩም እምቢ ብለዋል። ሕክምና እምቢ ሲባል የሚፈረመው ቅጽ «በራሴ ፈቃድ ትቻለሁ» ከማለት አያልፍም። ስለዚህ የተመከረውን፣ ሌላውን አማራጭ (መድኃኒትና ቁስል ማጽዳት) እና ምክንያታቸውን በራሳቸው አንደበት ካርዱ ላይ አስፍሬያለሁ፦ «ጣቴ ከሄደ እርፍ ይዤ አልቆምም፤ መጀመሪያ ጠበል ልሞክር»።

የቸገረኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የነገርኳቸውን መልሰው እንዲነግሩኝ ስጠይቅ፣ «እግሬን ሊያሳጣኝ፣ ደሜ ውስጥ ገብቶ ሊገድለኝ ይችላል ትላላችሁ፤ እኔን ግን አይነካኝም» አሉ። ትኩሳት የላቸውም፣ ቀኑንና ያሉበትን ቦታ ያውቃሉ፤ ግራ የመጋባት ምልክት አላየሁም። «ተረድተዋል» ብቻ ብል አለማመናቸው ይሰወራል፤ «አልተረዱም» ብል ደግሞ ውሳኔያቸውን የሚሽር ይመስላል። አደጋውን መልሰው መናገራቸውንም አለማመናቸውንም ቃል በቃል ጽፌ፣ የመወሰን አቅም አላቸው ወይ በሚለው ላይ ያለኝን ፍርድ ለብቻው ላስፍር?

ማንበብ ስለማይችሉ ልጃቸው «እኔ ልፈርም» ይላል። የሳቸውን አሻራ ወስዶ፣ ጽሑፉ ሲነበብላቸው የሰማ ከቤተሰብ ውጭ የሆነ ምስክር ማስፈረም አይሻልም? ሐሳባቸውን ከቀየሩ በማንኛውም ሰዓት እንደምንቀበላቸውስ የት ይጻፍ፤ ካርዱ ላይ ወይስ ይዘውት በሚሄዱት ወረቀት?