አስቸኳይ፦ አዲስ አበባ ካርታዬ ላይ አትታይም፣ ነገ ጠዋት አቀርባለሁ

ወለላ
እባካችሁ ፈጠን በሉልኝ። ነገ 3 ሰዓት ላይ የክልሎችን የሕፃናት ክትባት ሽፋን አቀርባለሁ። ካርታውን በQGIS ቀለም ቀብቼ አለቃዬን ባሳየው «ችግሩ በሙሉ ምሥራቅ ነው ማለት ነው» አለኝ። አዲስ አበባና ሐረሪ ጭራሽ አይታዩም። ደቡቡ ደግሞ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። እንዴት ላስተካክለው?

ቶሎ
ቀላል ነው። Print Layout ውስጥ በ Add Map ሁለተኛ ካርታ ጨምሪ፣ አዲስ አበባን አጉልተሽ ጥግ ላይ አስቀምጫት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ቀያሽ
ልጄ፣ መጀመሪያ መሠረቱ ይስተካከል። ሠላሳ ዓመት መሬት ለክቻለሁ። ክብ የሆነችውን ምድር ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ስትዘረጊያት አንዱ ቦታ መለጠጡ አይቀርም። የካርታሽ ፕሮጀክሽን EPSG:3857 ከሆነ ሶማሌ ክልል የገዘፈብሽ በዚህ ነው። ወደ EPSG:32637 ቀይሪው።

አሀዝ
ጋሽ ቀያሽ፣ ነገሩ ስለ ኖርዌይ ወይም ስለ ካናዳ ቢሆን እውነትዎን ነበር። እኛ ግን ከምድር ወገብ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ መካከል ነን። በዚያ ስሌት ሰሜን ጫፋችን እንኳ በስፋት የሚለጠጠው 7 በመቶ ገደማ ነው፤ ሶማሌ ክልል ደግሞ ወደ ወገቡ ስለሚቀርብ ከዚያም ያነሰ ነው። ክልሉ ካርታው ላይ ሰፊ የሆነው መሬቱ እውነትም ሰፊ ስለሆነ ነው።

ችግሩ ሌላ ነው። ሶማሌ ክልል ከ250,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባ ወደ 530 ብትሆን ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሶማሌ 4.4 ሚሊዮን፣ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራቸው። የሰው ቁጥር ልዩነታቸው ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም፤ የተቀባው ቀለም ግን ከ450 እጥፍ በላይ ይለያያል። ዓይን ደግሞ የሚሄደው ቀለም ወደ በዛበት ነው። አለቃሽ የነገሩሽ ዓይናቸው ያየውን ነው።

ወለላ፣ ያልነገርሽን ነገር አለ። ቁጥሩ የየትኛው ዓመት ነው? Graduated ውስጥ Mode የሚለውስ ምን ላይ ነው?

ወለላ
ይቅርታ፣ በጥድፊያ ነው። የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ነው (እ.ኤ.አ. 2016)፣ መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የወሰዱ ከ12 እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናት በመቶኛ። Equal Interval፣ 5 ክፍል። የክልሎቹን ድንበር የያዘውን ሼፕፋይል ግን አዲሱን ነው ያወረድኩት።

አሀዝ
ነጩ ደቡብ ከዚያ የመጣ ነው። ዳሰሳው ሲሠራ ደቡብ አንድ ክልል ነበር፤ ሰንጠረዥሽ 11 መስመር ነው ያለው። አዲሱ ሼፕፋይል ሲዳማን፣ ደቡብ ምዕራብን፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያንና ደቡብ ኢትዮጵያን ለየብቻ ስለያዘ 14 ነው። ስሙ ካልገጠመ ቀለም አይወስድም።

ቶሎ
እንግዲያው የደቡብን 47 አራቱም ላይ ገልብጪና ጨርሺው!

አሀዝ
ቀለሙ ይሞላል፣ መረጃው ግን ሐሰት ይሆናል። ካርታውን ያየ ሰው ሲዳማ ለብቻዋ ተለክታ 47 እንደመጣች ነው የሚያስበው። በፋይሉ ቅጂ ላይ Toggle Editing ተጫኚ፣ አራቱን ምረጪ፣ Merge Selected Features በይ፣ ስሙን እንደ ሰንጠረዥሽ ጻፊው። ከካርታው ሥር ድንበሩ የዳሰሳው ዘመን መሆኑን በአንድ መስመር አስፍሪ።

አሁን ወደ ቀለሙ። ትንሹ ቁጥርሽ አፋር 15፣ ትልቁ አዲስ አበባ 89 ነው። ልዩነቱ ለአምስት ሲከፈል የመጀመሪያው ክፍል ከ15 እስከ 30 ገደማ ይሆናል። አፋር 15፣ ሶማሌ 22፣ ኦሮሚያ 25፤ ሦስቱም አንድ ቀለም ውስጥ ወደቁ። እነዚህ ሦስቱ ብቻ ከአገሪቱ መሬት ከግማሽ በላይ ናቸው። ላይኛው ክፍል ውስጥ ያሉት ደግሞ አዲስ አበባና ድሬዳዋ (76) ናቸው፤ ሁለቱም በዚህ ካርታ ላይ ነጥብ ያህል ናቸው። ስለዚህ ጥሩ የሠራው አይታይም፣ ዝቅ ያለው አገር ይሞላል።

ሰንጠረዡን ወደ አግድም ባር ግራፍ ለውጪው። በፊደል ተራ ሳይሆን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሪው፣ ከዜሮ ይጀምር፣ የአገሪቱ አማካይ 39 ላይ አንድ ቀጭን መስመር ጣይ። አዲስ አበባና ሶማሌ እኩል ውፍረት ባለው አሞሌ ሲቀመጡ 89ና 22 ወዲያው ይነበባሉ።

ከናታንያ
እኛም አገር፣ እስራኤል፣ እንዲሁ ነው። ደቡብ አውራጃ፣ ኔጌቭ ያለበት፣ ወደ 14,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ ቴል አቪቭ አውራጃ 170 ገደማ። በሁለቱም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖራል። የማኅበረሰባችንን ልጆች የትምህርት ነገር በካርታ ባቀረብን ቁጥር ሰብሳቢው ጣቱን ኔጌቭ ላይ ነው የሚያሳርፈው። ስለ ቴል አቪቭ ጠይቆ አያውቅም። እኔ አሁን እያንዳንዱን አውራጃ እኩል ካሬ አድርጌ በየቦታው አቅጣጫ እደረድራለሁ፤ ወለላ፣ ጊዜ ካለሽ ሞክሪው።

የወረዳ ሰው
ሁላችሁም ባር ባር ትላላችሁ። እኔ አልስማማም። አፋርና ሶማሌ ጎረቤት ናቸው፤ ሁለቱም ሰፊ አርብቶ አደር አላቸው፤ ክትባት የሚሰጠው ቡድን ከብቱን ተከትሎ መሄድ አለበት። ይህ ጉርብትና ካርታ ላይ ይታያል፣ ባር ላይ ይጠፋል። ደግሞስ ባሩ ያዳላ የለም? ሐረሪና ኦሮሚያ እኩል አሞሌ ተሰጣቸው። በ1999ኙ ቆጠራ ሐረሪ 183 ሺህ፣ ኦሮሚያ 27 ሚሊዮን ነበሩ። ካርታው ለመሬት ያዳላል፣ ባሩ ለትንንሹ ክልል ያዳላል።

አሀዝ
ይህ ትክክል ነው፤ ባሩን ሳመሰግን ዘልዬዋለሁ። እንዲያውም ልቀጥልበት። አፋር 15 ነው፣ ኦሮሚያ 25 ነው፤ በመቶኛ አፋር ይብሳል። ግን በዚያው ቆጠራ አፋር 1.4 ሚሊዮን ነበር፤ ኦሮሚያ ከ19 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። የሕፃናቱ ድርሻ ተመሳሳይ ነው ብንል፣ አፋር ውስጥ ክትባቱን ላልጨረሰ ለእያንዳንዱ ሕፃን ኦሮሚያ ውስጥ ወደ 17 ይኖራል። ይህን ካርታውም ባሩም አይናገሩም። ስለዚህ ወለላ፣ አለቃሽ የሚወስኑት ስንት ብልቃጥ ክትባት እንደሚላክ ነው ወይስ ለየትኛው ክልል የተለየ አሠራር እንደሚያስፈልግ?

ቶሎ
የሕፃናቱን ብዛት ራሱን ካርታው ላይ በቀለም ብታስቀምጠውስ?

አሀዝ
ብዛት በቀለም አይቀባም፤ ሰፊው ክልል በመሬቱም በሰው ብዛቱም ሁለት ጊዜ ይጮኻል። ብዛት ከሆነ ክልሉ መሐል ክብ ይቀመጥ። ክቡም በስፋቱ ይመጠን፤ በሬዲየስ ከሆነ እጥፍ የሆነው ቁጥር አራት እጥፍ ሆኖ ይታያል። Size Assistant ውስጥ Surface የሚለውን ምረጪ።

ወለላ
ደቡቡ ተስተካከለ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባሩንም ሠርቻለሁ፤ ኦሮሚያን ከሥር ሦስተኛ ሆኖ ሳየው እኔም ደነገጥኩ፣ ካርታው ላይ ልብ አላልኩትም ነበር። አለቃዬ የሚወስነው በጀት ይመስለኛል፣ ግን በግልጽ አልነገረኝም። አንድ ስላይድ ብቻ ነው የተፈቀደልኝ። ካርታውን በትንሹ ከጎን ላስገባው ወይስ ላውጣው?

የወረዳ ሰው
አታውጪው። ጎረቤቶቹ ይታዩ።

አሀዝ
በጀት ከሆነ አውጪው፤ ከባሩ ጎን የሕፃናቱን ግምት በቁጥር ጻፊ። ካርታው ካለ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ቀያሽ
ፕሮጀክሽኑን ግን ቀይረሽዋል?

ከናታንያ
ወለላ፣ እንዴት ሆነ? አለቃሽ ምን አሉ?