16 ቡድን ወደ 8፦ ስዊስ ወይስ ደብል ኤሊሚኔሽን?

ዮናስ፦ ለቪዲዮ ጌም ውድድራችን 16 ቡድን ተመዝግቦልናል፣ 8ቱ ያልፋሉ። ስዊስ ይሻላል ወይስ ደብል ኤሊሚኔሽን? ለእኔ ያን ያህል ልዩነት አይታየኝም።

ናቲ፦ ልዩነቱ ቀላል ነው። በደብል ሁለቴ ስትሸነፍ ትወጣለህ፣ በስዊስ ሦስቴ። ስዊስ አንድ ነፍስ የተጨመረበት ደብል ነው በቃ።

ሰላም፦ ናቲ፣ ግማሹን ብቻ ነው ያልከው። በስዊስ ድልም ይቆጠራል፤ ሦስቴ ያሸነፈ አልፎ ያርፋል። ዋናው ነገር ግን ቀጣዩ ተጋጣሚህ እንዴት እንደሚመጣ ነው። በደብል መንገዱ ከጅምሩ ተስሏል። በስዊስ ግን ዙሩ ሲያልቅ እኩል ውጤት ያላቸው ይገናኛሉ፤ 1-1 ከ1-1፣ 0-2 ከ0-2።

ዮናስ፣ የቡድኖቹን ደረጃ ያወጣኸው በግምት ከሆነ ይሄ ለውጥ ያመጣል። ሁለቱ ምርጦች በመጀመሪያው ዙር ተገናኙ እንበል። በደብል ተሸናፊው አንዴ የተሸነፉት ወደሚጫወቱበት ሎወር ብራኬት ይገባል። እዚያ አንድ ቢያሸንፍም ከላይ የወረደ ጠንካራ ቡድን ይጠብቀዋል። ከተሸነፈ አለቀለት። በስዊስ ግን ለማገገም ጊዜ አለው።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ስምንቱን ለመለየት ለደብል 20 ጨዋታ ይበቃል። ስዊስ 33 ይፈልጋል፤ በየዙሩ 8፣ 8፣ 8፣ 6፣ 3።

ሄለን፦ ደብል ስሙ ብቻ ነው! በ2021 የዶታ 2 ውድድር፣ ዘ ኢንተርናሽናል ፍጻሜ ላይ፣ ቲም ስፒሪት ከሎወር ብራኬት መጥቶ ፒኤስጂ ኤልጂዲን 3-2 አሸነፈ። ኤልጂዲ በፕሌይኦፉ የተሸነፈው ያንን ግጥሚያ ብቻ ነው። ሁለተኛ ዕድሉ የታለ?

ሰላም፦ ልክ ነሽ ሄለን፣ ግን እሱ የፍጻሜ ጉዳይ ነው። ዮናስ 8 ቡድን ካሳለፈ ያ ጥያቄ አይነሳበትም።

ብሩክ፦ እኛ በአንድ የኦንላይን ውድድር ስዊስ ላይ 0-2 ሆነን በ3-2 አለፍን። በአምስተኛው ዙር ያስወጣነው ቡድን 2-0 የነበረ ነው። እሱ ከጠንካሮች ጋር ሲፋለም እኛ ከተሸናፊዎች ጋር ነበርን። ማለፋችን ደስ ቢለኝም ፍትሐዊ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ሰላም፦ የስዊስ ትልቁ ድክመት ይሄ ነው። የካውንተር ስትራይክ ሜጀሮች ቡክሆልዝን የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። የተጋጣሚዎችህ ድልና ሽንፈት ተቀናንሶ ይደመርልሃል፤ ከእኩዮችህ ጋር ስትጣመር ከባድ መንገድ የመጣው ዝቅተኛ ነጥብ ያለውን ያገኛል። በ2023 የሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ወርልድስ ግን በዕጣ ነበር። ቡክሆልዝ ጥንዱን ያስተካክላል እንጂ የተሸነፈን አያሳልፍም። የአንተ ቡድን በቀጥታ አሸንፎታል፤ ለእኔ ያ በቂ ነው።

ብሩክ፦ ለእኔ አይበቃኝም።

ዮናስ፦ ያለን ሁለት ቀን ነው። 33ቱንም ሁለት ማፕ ቀድሞ ያሸነፈ በሚወስድበት ቤስት ኦፍ 3 አንችልም።

ሰላም፦ ሁሉንም አታድርግ። ማለፍ ወይም መውጣት የሚወሰንባቸውን 13ቱን ብቻ በቤስት ኦፍ 3፣ የቀሩትን 20 በአንድ ማፕ አጫውት።

ናቲ፦ በአንድ ማፕ የተገኘ ድልና ሦስት ማፕ የፈጀ ድል እኩል ሲቆጠሩ አይዋጥልኝም። በዚያ ሰዓት 20ውን የደብል ጨዋታ በቤስት ኦፍ 3 ባይ እመርጣለሁ።